ከቤቱ ስወጣ የጻፍኩት ሁለት ገጽ

ሰኔ 2017 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የኖርንበትን ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልንለቅ ዕቃችንን በካርቶን እያሰርን ሳለ፣ ደላላው አንዲት ወጣት ይዞ ግቢው ገባ። ቤቱን ልታይ ነው የመጣችው። አከራያችን እትዬ ነጠላቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ደላላው ስለ ሰፈሩ ጸጥታ ያወራል። ልጅቷ ክፍሎቹን አየት አየት አደረገችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። አከራይዋ አጠገቤ ቆመው ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ልጅቷ ግን ለሁለት ዓመት ልትፈርም የመጣች ናት። ደመወዟን ግማሽ ያህል በየወሩ የምትከፍልበትን ቤት የሚያውቅላት ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ደላላው የሚያገኘው ኮሚሽን ውሉ ሲፈረም ነው፤ አከራይዋም ቤታቸው ባዶ እንዳያድር ይፈልጋሉ። ከቤቱ ምንም የማልፈልግ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስትወጣ ተከትያት እስከ በር ሄድኩና ስልኳን ተቀበልኩ። «የማውቀውን ጽፌ እሰጥሻለሁ» አልኳት።

ያን ዕለት ማታ የጻፍኩት የመጀመሪያው ወረቀት አሥር መስመር አይሞላም። «ውሃ የለም። መብራት ያስቸግራል። ጣሪያው ያፈሳል። አከራይዋ ቁጥጥር ያበዛሉ፣ ገንዘብ ይወዳሉ። ባትገቢ ይሻልሻል» የሚል ነበር። ጠዋት ተነስቼ ሳነበው ለልጅቷ ምንም እንደማይጠቅማት ታየኝ። የአዲስ አበባ ተከራይ ሁሉ ስለ ቤቱ እንዲህ ማለት ይችላል። ውሃ የለም ከተባለ በዚህ ከተማ የትኛው ሰርቪስ ውስጥ ነው ውሃ ሌትና ቀን ያለው? እሷ ማወቅ ያለባት ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና ባልመጣበት ቀን በምን እንደምትኖር ነው። ስለዚህ ያንን ወረቀት ቀድጄ ከግድግዳው ላይ ካሌንደሩን አወረድኩ።

ካሌንደሩ የወንድሜ ሥራ ነው። በገባን በሦስተኛው ወር፣ ውሃ በመጣ ቁጥር በቀኑ ላይ «ው» እያለ መጻፍ ጀመረ። ምክንያቱ ልብስ የሚታጠብበትን ቀን ለመገመት ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ያ ልማድ ለእኔ ምስክር ሆነ። የ2017ን ጥርና የካቲት ቆጠርኩ። ከስልሳው ቀን ውሃ የመጣው በአሥራ ስድስቱ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን መሆኑ ነው። ፈረቃው ሰኞና ሐሙስ ሌሊት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ገደማ ነበር። በሁለቱ ወር ውስጥ አንድ ፈረቃ ሙሉ በሙሉ ሳይመጣ ቀርቷል። ይህን ስጽፍ «ውሃ የለም» የሚለው ቃል ሐሰት ሆኖ አገኘሁት። ውሃ አለ፤ ችግሩ ያለው ማጠራቀሚያው ላይ ነው።

ዋናው ቤት ጣሪያ ላይ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ አለ። ለግቢው ሁሉ የሚያገለግለው እሱ ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ አከራይዋን ከነቤተሰባቸው ጨምሮ አራት ቤት፣ አሥራ አራት ሰው ነበርን። አንድ ሰው ለመታጠቢያ፣ ለሽንት ቤት፣ ለወጥ ቤትና ለልብስ ቆጥቦ ቢጠቀም በቀን አርባ ሊትር ያህል ይፈልጋል እንበል። አሥራ አራት ሰው በቀን 560 ሊትር ይጨርሳል። ሁለት ሺህ ሊትሩ የሚቆየው እንግዲህ ሦስት ቀን ተኩል ነው። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ አራት ቀን ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አየር ብቻ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው፤ አንድ ፈረቃ ከተዘለለ ደግሞ ደረቁ ሳምንት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንማረርበት የነበረው ነገር በአንድ ማባዛትና በአንድ ማካፈል መልስ ያገኘው ያን ቀን ነው።

ለልጅቷ የጻፍኩላትም ይህንኑ ነው። «ሮቶው ለአራት ቤት ነው። የራስሽ በርሜል ያስፈልግሻል። ባለ ሁለት መቶ ሊትር በርሜል ለሁለት ሰው ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይይዛል። በመስኮቱ ሥር ባለው ጥግ ይቀመጣል፤ እኛም እዚያ ነበር ያስቀመጥነው። ሐሙስ ሌሊት ሳትሞዪው እንዳታድሪ።» ቤት ልትከራዩ የምትሄዱ ሰዎች ሮቶውን በዓይናችሁ እዩ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ የግቢውን ሰው ቁጠሩ። ከተቻላችሁ ቤቱን ውሃ ሊመጣ ሰዓታት ሲቀሩት ሄዳችሁ እዩና ቧንቧውን ክፈቱ። ደላሎች ቤት የሚያሳዩት ውሃ በመጣ ማግሥት ከሆነ ሮቶው ሞልቶ ያገኛችሁታል፣ ሻወሩም እንደ ፏፏቴ ይወርዳል።

የመብራቱን ነገር በአጭሩ ነው የጻፍኩት። ግቢው አንድ ካርድ ቆጣሪ አለው። ካርዱን የሚሞሉት አከራይዋ ናቸው፤ ከእኛ እስከ ወጣንበት ወር ድረስ በወር 500 ብር ይቀበሉ ነበር። ደረሰኙን ለማየት ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ አሳይተውኛል። እዚህ ላይ ተከራዮች ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው እርከን የሚከፍል ሰው የላይኛውን ዋጋ ይጋራል። አከራይዋ ምንም ሳያተርፉ ሒሳቡ ሊወደድ ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ያህል «ትርፍ እየያዙብን ነው» ብዬ አምኛለሁ። ያ ጥርጣሬ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ገንዘብ ይወዳሉ» ሆኖ የተጻፈው ነው።

ሌላው የምጣድ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የግቢው ዋና ብሬከር 32 አምፔር ስለሆነ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ከተሰካ ልኩን ሞላው፤ አንድ ሰው ምድጃ ሲጨምርበት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነበር፤ የእኛ ተራ ረቡዕ ማታ ነው። ከተራው ውጭ መጋገር የሚፈልግ ሰው ግቢውን ሁሉ ያጨልማል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ከጎረቤት ጋር አይጋጭበትም።

ጊዜዬን የወሰደው ጣሪያው ነው። በአዲስ አበባ ቤት የሚፈለገው በአብዛኛው በበጋ ነው፤ ቤት የሚፈተነው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ። በጥር የገባ ሰው የጣሪያውን እውነት የሚያውቀው ስድስት ወር ከኖረና ከለመደ በኋላ ነው። እኛም በጥቅምት ነበር የገባነው።

የእኛ ሰርቪስ ጣሪያ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተሠራ ነው። ቆርቆሮው ግድግዳውን በሚነካበት መስመር ላይ የተደረገው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። ከዋናው ቤት ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ይገባና ኮርኒሱ ላይ ያርፋል። ውሃው የሚታየው ግን እዚያው አይደለም። በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ አንድ ሜትር ያህል ይሄድና ልክ አልጋዬ ራስጌ ላይ ይንጠባጠባል። በመጀመሪያው ክረምት አናጺ ሳላማክር ከጠብታው በላይ ያለውን ሚስማር በማስቲሽ አሽጌ ነበር። አልረዳም፤ ምንጩ ሌላ ቦታ ነበረና።

የወረቀቱ የመጀመሪያ ረቂቅ «ጣሪያው ሦስት ክረምት አፍስሷል፣ አከራይዋ ግድ የላቸውም» ይል ነበር። ቀኖቹን ስፈልግ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2014 ክረምት ያፈሰሰውን እኔ ራሴ ለአከራይዋ አልነገርኳቸውም። አዲስ ተከራይ ነበርኩ፣ ከአሁኑ አቤቱታ ጀመረ እንዳልባል ባልዲ አስቀምጬ አሳለፍኩት። ያልተነገራቸውን ነገር ባለማስጠገናቸው ልወቅሳቸው አልችልም። በ2015 የነገርኳቸው ሰኔ 28 ቀን ነው። ቀኑን ያገኘሁት ለልጃቸው በስልክ ከላክሁት ፎቶ ላይ ነው። የተጠገነው ሐምሌ 19 ነው። ሃያ አንድ ቀን። ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሸፈኑት እሳቸው ናቸው፤ ሁለት ቆርቆሮ ተቀየረ፣ መጋጠሚያው በአዲስ ሲሚንቶ ተመረገ። በ2016 ሐምሌ በዚያው መስመር ትንሽ ጠብታ ተመለሰ፤ በነገርኳቸው በአራተኛው ቀን ተስተካከለ። የ2017ን ክረምት አላየሁትም፤ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ወጥቻለሁ።

«ግድ የላቸውም» ከሚለው ይልቅ እነዚህ ቀኖች ለልጅቷ ብዙ ይነግሯታል። ጣሪያው የታወቀ ደካማ ቦታ እንዳለው ታውቃለች። ከተነገራቸው እንደሚያስጠግኑ፣ ወጪውን በተከራይ ላይ እንደማይጥሉ፣ ግን ሦስት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል ታውቃለች። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ መጋጠሚያውን እንዲያሳዩላት መጠየቅ እንዳለባትም ይገባታል። የአከራይ ጠባይ በዋናነት የሚታየው ብልሽት በተነገረበትና ብልሽቱ በተጠገነበት ቀን መካከል ባለው ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ስለ አከራይ የሚጽፍ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እነዚህን ሁለት ቀኖች እንዳይረሳ እለምነዋለሁ።

በበጋ ቤት የሚያይ ሰው ምልክቱን ማወቅ ይችላል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ክብ እድፍ ካለ ውሃ ገብቶ ደርቋል። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ግድግዳው ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተፈርፍሮ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ካወጣ ግን ነገሩ የጣሪያ አይደለም፤ እርጥበቱ ከመሬት ወደ ላይ እየሳበ ነው፣ እሱን ደግሞ ቆርቆሮ መቀየር አያድነውም። ቁም ሣጥን ከግድግዳው አላቅቃችሁ ጀርባውን አሽትቱ፤ ሻጋታ ቀለም ቢቀቡበትም ሽታው አይለቅም።

ወረቀቱ ላይ በጣም የከበደኝ ስለ እትዬ የሚናገረው ክፍል ነው። «ቁጥጥር ያበዛሉ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ይህ የእኔ ስሜት ነው፤ ለሌላ ሰው ቁጥጥሩ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ብቻዋን የምትኖር ሴት የውጭ በር በጊዜ መዘጋቱን ልትወደው ትችላለች። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ነርስ ደግሞ እንዲህ ባለ ግቢ መኖር አይችልም። ስለዚህ ስሜቴን ትቼ የሆነውን ጻፍኩ። የውጭው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይቆለፋል። በመጀመሪያው ዓመት ቁልፍ አልነበረንም፤ ከዚያ በኋላ ስጠይቃቸው ቅጂ አሠርተው ሰጡኝ። እንግዳ የሚያድር ከሆነ አስቀድሞ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ ከተነገራቸው ከልክለው አያውቁም። እኛ በሌለንበት ሁለት ጊዜ ክፍላችን ገብተዋል፤ አንዴ ቧንቧ ፈሶ፣ አንዴ ሳላውቀው። ሁለተኛው ጊዜ «እትዬ፣ ስትገቡ በስልክ ንገሩኝ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

መልካሙንም በዚያው መንገድ ነው የጻፍኩት። «ደግ ሴት ናቸው» ማለት «ክፉ ናቸው» ከማለት የበለጠ መረጃ አይሰጥም። ኅዳር 2016 ሥራዬ ላይ ደመወዝ ዘግይቶ ኪራዩን በአሥራ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። በሬ ላይ አልመጡም፣ ቅጣት አልጠየቁም፣ ለጎረቤት አላወሩም። ይህን ጻፍኩ። ስንወጣ የሰበርነውን የመስኮት መስተዋት 800 ብር አስከፍለውኛል፤ መስተዋቱን የሰበረው ወንድሜ ነው፣ ዋጋውም መስተዋት ቤቱ የነገረኝ ዋጋ ነበር። ይህንንም ጻፍኩ።

ሳልጽፍ የተውኩት ግን ከጻፍኩት ይበልጣል። ከእኛ በፊት የነበረውን ተከራይ ሌሊት ዕቃውን አውጥተው እንደጣሉት አንድ ጎረቤት ነግሮኛል። አላየሁም፤ ያ ተከራይም ምን እንደሚል አላውቅም። ተውኩት። በአከራይዋ ቤት ውስጥ ስላለው የቤተሰብ ጠብ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ብዙ ነው፤ በአንድ ግቢ ስትኖር ሳትፈልግ ታውቃለህ። ከኪራዩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ አንዱንም አልነካሁም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰውን ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም ሕጋችን የሚያስጠይቅ ነው። ቀን ያለው፣ ፎቶ ያለው፣ በዓይን የታየ ነገር የጻፈ ሰው ለተጠየቀው ሁሉ መልስ አለው። «ሌባ ናቸው» ብሎ የጻፈ ሰው ግን መልሱን ሲፈልግ ይኖራል።

ኪራዩን በተመለከተ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። በጥቅምት 2014 ስንገባ 5,000 ብር ነበር፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍለናል። በጥቅምት 2015 ወደ 6,000፣ በጥቅምት 2016 ወደ 7,000 አደገ። ሁለቱም ጭማሪ በቃል ነው የተነገረኝ፤ የመጀመሪያው ወሩ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው። ከዚያ በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን እንጂ በአከራይ ፈቃድ ብቻ አይደረግም። እኛም በ2016 ማብቂያ ላይ በወረዳ ተመዘገብን፤ በውሉ ላይ የሰፈረው የምንከፍለው 7,000 ብር ራሱ ነው። ከዚያ እስከ ወጣንበት ቀን አልጨመረም። አንዳንድ አከራይ በውሉ ላይ ትንሽ ቁጥር አስጽፎ በእጅ ሌላ እንደሚቀበል ይታወቃል። እትዬ ይህን አላደረጉም፤ የባንክ ደረሰኞቼን ቆጥሬ ነው ይህን የምለው። ለአዲስ ተከራይ ይህ አንድ መስመር ከሰፈሩ ጸጥታ በላይ ዋጋ አለው። የተመዘገበው ቁጥር ከሚከፈለው ካነሰ፣ ክርክር በተነሳ ቀን በእጅ የሰጠችው ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን ወረቀት እትዬ ሳያዩት ከጀርባቸው መስጠት ትክክል ነው? ብዙ ሰው አትንገራቸው አለኝ። ተከራይ አከራዩን የሚፈራበት በቂ ምክንያት እንዳለም አውቃለሁ፤ ገና ያልወጣ ሰው፣ ሒሳቡን ያልዘጋ ሰው እንዲህ ያድርግ አልልም። እኔ ግን ሒሳቤን ዘግቻለሁ። ቁልፉን ላስረክብ በሄድኩበት ቀን ቡና አፍልተው ነበር። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ ለሚመጣው ተከራይ ስለ ቤቱ የጻፍኩት አለ፤ ላንብብልዎት» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆር አለ። አነበብኩላቸው።

ሮቶው ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ሃያ አንዱ ቀን ላይ ግን አስቆሙኝ። «አናጺውን እኮ በሁለተኛው ሳምንት ጠርቼው ነበር። መጥቶ ዝናቡ አላስወጣው ብሎ ተመለሰ። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ።» እውነት ነው፤ ወንድሜን ስጠይቀው አናጺው መሰላል ይዞ መጥቶ እንደነበር አስታወሰ። በወረቀቱ ላይ «በመካከሉ አናጺ አንድ ጊዜ መጥቶ በዝናብ ምክንያት ተመልሷል» የሚል ጨመርኩ። ሃያ አንዱን ቀን ግን አልቀነስኩም፤ ባልዲው አልጋዬ ራስጌ ላይ የቆመው ሃያ አንድ ቀን ነውና። ሌላ ያረሙት ነገር የለም። ቁልፉን ተቀብለው፣ «የሮቶውን ነገር ለልጄ እነግረዋለሁ» አሉ። ነግረውት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ ጣሪያው ላይ ያለው ያው አንዱ ሮቶ ነበር።

ከፎቶዎቹ ጋር ሁለቱን ገጽ ለልጅቷ ሰጠኋት። ከላይ ቀን ጻፍኩበት፤ ፈረቃ ይቀየራል፣ ታሪፍ ይቀየራል፣ ጣሪያም ይጠገናል፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው እስከ ሰኔ 2017 ላለው ብቻ ነው። እሷም አንብባ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ሦስቱም የመጀመሪያውን «እንዴት ነው?» አይመስሉም። በርሜሉን ትሸጥልኛለህ? እኅቴ ከሥራ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነውና ቁልፉን በውሉ ላይ ማስጻፍ እችላለሁ? መጋጠሚያውን የሠራውን አናጺ ስልክ ታውቀዋለህ? በርሜሉን ትቼላት ሄድኩ። የአናጺውን ስልክ ከእትዬ እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ ቁልፉንም ከመፈረሟ በፊት እንጂ በኋላ እንዳይሆን።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ፍርዴ ነው፤ የኖረ ሰው ፍርዱን የመስጠት መብት አለው ብዬ ጽፌዋለሁ። «ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ በርሜል ላለው፣ ማታ በጊዜ ለሚገባ ወይም ቁልፍ በውል ለያዘ፣ በ7,000 ብር ይህ ቤት ይሆናል። አከራይዋ ቃላቸውን የሚጠብቁ ናቸው፤ ጥገና ግን አስታውሰሽ ማስጠገን አለብሽ። ሕፃን ላለው ቤተሰብ፣ በየቀኑ ብዙ ውሃ ለሚፈልግ ወይም እንጀራ ጋግሮ ለሚሸጥ ሰው አይሆንም።»